ቀለም ያረፈበት ሣጥን ሁሉ «አዎ» አይደለም፦ የአንድ የውኃ መጠይቅ የጉዳይ ጥናት

አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠራ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦች ውኃን እንዴት እንደሚያጠራቅሙ ለማወቅ መጠይቅ በትኖ ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጥያቄዎቹ የዕለት ኑሮ ጥያቄዎች ናቸው፤ ውኃው ሲመጣ በምን ትቀበላላችሁ፣ ሲጠፋ ስንት ቀን ያቆያችኋል፣ ከጎረቤት ትቀዳላችሁ ወይ የሚሉ። ቅጹ በፊትና በጀርባ የታተመ አንድ ኤ4 ወረቀት ነው። ከ14 ጥያቄዎቹ ዘጠኙ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሏቸው፤ ሦስቱ ደግሞ አምስት አምስት ሣጥን ያላቸው «የሚመለከታችሁን ሁሉ ምልክት አድርጉ» የሚሉ ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ቁጥር የሚጻፍባቸው ናቸው። በጠቅላላው 33 ሣጥን መሆኑ ነው። ተሞልተው የተመለሱት 418 ቅጾች ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል።

ሥራው ወደ እኔ የመጣው ሁለተኛ ሆኖ ነው። ማኅበሩ ቀደም ሲል ለሌላ ባለሙያ ከፍሎ ሠንጠረዥ አሠርቶ ነበር። እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ዓምድ፣ ቀለም ካለበት 1፣ ከሌለበት 0። ሠንጠረዡ ላይ ላዩን ሲያዩት ንጹሕ ነበር፤ የጎደለ ቦታ የለው፣ የተዘበራረቀ ቁጥር የለው። የጥናቱ አስተባባሪ ግን ሮቶ በሚለው ዓምድ ላይ ቆመች። «እነዚህን ግቢዎች በእግሬ ዞሬ አይቻቸዋለሁ» አለችኝ፤ «አብዛኞቹ አንድ ክፍል ቤቶች ናቸው፤ ሮቶ የሚተከልበት ደጅ እንኳን የላቸውም። እዚህ ግን ከሦስት ቤት አንዱ ሮቶ አለው ይላል።» ሌላም ያልገባት ነገር ነበር። በየገጹ ታችኛ ክፍል ባሉ ጥያቄዎች ላይ «አዎ» እና «አይደለም» አንድ ላይ 1 የሆኑባቸው ረድፎች በርክተው ነበር። ላይኛዎቹ ጥያቄዎች ላይ ግን እንዲህ ያለው እምብዛም አልነበረም።

እነዚህ ሁለት ምልክቶች ወደ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ይመራሉ። የታችኛ ጥያቄዎች ችግር የልኬት ነው፤ የሮቶው ችግር የትርጉም ነው። ከልኬቱ እጀምራለሁ፤ ልኬቱ ሳይስተካከል ስለ ትርጉሙ ማውራት አይቻልምና።

ኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ምልክት መኖር አለመኖሩን የሚያውቅበት መንገድ ቀላል ነው። ሣጥኑ ገጹ ላይ የት እንዳለ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ያንን ቦታ ቆርጦ ያወጣና ከውስጡ ስንት ፒክስል ጠቆር ያለ እንደሆነ ይቆጥራል። በእኛ ቅጽ ላይ ሣጥኑ 5 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር ነው። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ስካን ሲደረግ ጎኑ 59 ፒክስል ይሆናል። የሣጥኑ መስመር ራሱ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ይኸውም ከ3 እስከ 4 ፒክስል ነው። አራቱን ጎኖች ስንደምር መስመሩ ብቻውን ከጠቅላላው ሣጥን ስፋት ሩብ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። በእስክርቢቶ የተደረገ ደህና ራይት የሚይዘው ቦታም ከዚያው ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ መስመሩን ጨምሮ የሚቆጥር ሰው ባዶውን ሣጥን ከተሞላው ለመለየት ይቸገራል። መፍትሔው ከአራቱም ጎን ገባ ብሎ መቁረጥ ነው። እኔ 9 ፒክስል ገባሁ፤ የሚቀረው 41 በ41፣ ማለትም 1,681 ፒክስል ያለው ውስጠኛ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚሰፋ እስክርቢቶ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የተጓዘ ራይት ወደ 25 በመቶ ይሸፍናል። ፈራ ተባ ያለ፣ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ጭረት ደግሞ ወደ 12 በመቶ። ባዶ ሣጥን ከአቧራና ከወረቀቱ ጉድፍ በቀር ምንም ስለሌለው ከ2 በመቶ አያልፍም። በ2 እና በ12 መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሥራው በዚህ ደረጃ አስቸጋሪ አይደለም።

አስቸጋሪ የሚሆነው ሣጥኑ አለ ከተባለበት ቦታ ሲንሸራተት ነው። 9 ፒክስል ገባ ብለን ስንቆርጥ ከመስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ ያለን ርቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገጹ ከዚያ በላይ ከተንሸራተተ የሣጥኑ መስመር ወደ ቆረጥነው ክፍል ይገባል። አንድ መስመር ብቻ ቢገባ ከ8 በመቶ በላይ ጥቁር ይጨምራል፤ ማዕዘኑ ቢገባ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ደግሞ በትክክል የደካማ ራይት መጠን ነው። ባዶ ሣጥን «አዎ» የሚልበት መንገድ ይህ ነው።

ታዲያ ለምን ታች ታቹ ብቻ? ቅጾቹን በእጄ አገላብጬ ስመለከት ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ማኅበሩ ጥቂት ቅጾችን ከፕሪንተር አውጥቶ የቀሩትን ፎቶ ኮፒ አስደርጓል፤ ኮፒውም ከኮፒ ተደርጓል። ፎቶ ኮፒ ማሽኖች መቶ በመቶ ቢባሉም አንዳንዶቹ ጥቂት ያሳድጋሉ ወይም ያሳንሳሉ። አንድ በመቶ ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ኤ4 ወረቀት 297 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም ከላይ ሲለካ ታችኛው ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ይፈጥራል። ላይኛው ጥያቄ በቦታው ሲገኝ ታችኛው ከሣጥኑ ግማሽ በላይ ወርዷል። ቀደም ሲል ሠንጠረዡን የሠራው ባለሙያ ገጹን ያቀናው የላይኛውን ርዕስ ብቻ ይዞ ነው። መዞሩን አስተካክሏል፤ መለጠጡን ግን አላየውም።

ይህን ችግር ወረቀት ሳያገላብጡም ከቁጥሩ ማወቅ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሣጥን በሁሉም ቅጾች ላይ የተገኘውን የጥቁረት መጠን በመውሰድ ዝቅተኛዎቹን ብቻ ማየት ነው፤ ማለትም ባዶ መሆን ያለባቸውን። ባዶ ሣጥን የትም ቦታ ቢሆን ባዶ ነው። ዝቅተኛው መጠን ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ ከፍ እያለ ከሄደ ችግሩ የመላሾቹ ሳይሆን የገጹ ነው።

በሠለጠነ ቅጽ ላይ አራት ማዕዘኖች ላይ ጥቁር ካሬዎች ይታተማሉ፤ ኮምፒውተሩ እነሱን ይዞ ገጹን ያቀናል። የእኛ ቅጽ አልነበረውም። ነገር ግን በየገጹ ጥያቄዎቹን የሚከብብ ትልቅ የሠንጠረዥ ክፈፍ ነበረው። የክፈፉን አራት ማዕዘኖች በየስካኑ ላይ ፈልጌ ከመነሻው ቅጽ ማዕዘኖች ጋር አገናኘሁ። አራት ነጥብ ሲያዝ መዞርም፣ መለጠጥም፣ የወረቀት መዝመምም አብሮ ይስተካከላል። በፓይተን ሲጻፍ ዋናው ክፍል ይህን ይመስላል፦

```python
img = cv2.imread("0137_1.png", cv2.IMREAD_GRAYSCALE)
M = cv2.getPerspectiveTransform(found, template)
page = cv2.warpPerspective(img, M, (2480, 3508), borderValue=255)

paper = np.bincount(page.ravel()).argmax()
box = page[y+9:y+50, x+9:x+50]
ratio = (box < paper - 50).mean()
```

`found` በስካኑ ላይ የተገኙት አራት ማዕዘኖች፣ `template` በመነሻው ቅጽ ላይ ያሉት ናቸው። 2480 በ3508 የኤ4 ልክ በ300 ዲፒአይ ነው። አራተኛውና ስድስተኛው የሥራ መስመሮች ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

አንድ ፒክስል «ጥቁር» የሚባለው ከምን ያህል ሲጠቁር ነው? ኦትሱ የሚባል የታወቀ ስልት አለ፤ የተሰጠውን ምስል አይቶ ብርሃንና ጨለማውን የሚለይ መቁረጫ ራሱ ይመርጣል። ለአንድ ሣጥን ብቻ ከተሰጠው ግን ይጎዳል። ኦትሱ ምንጊዜም ለሁለት ይከፍላል፤ ባዶ ሣጥን ቢሰጠውም የወረቀቱን ሸካራነት ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን «ቀለም» ይለዋል። ንጹሕ ወረቀት ግማሹ የተሞላ ሆኖ ይወጣል። ለመላው ገጽ ቢሰጠው ይሻላል፤ ያኔ ግን የሚለየው ጥቁሩን የኅትመት ቀለም ከነጩ ወረቀት ስለሆነ መቁረጫው መሐል ላይ ያርፋል፤ የሳሳ ሰማያዊ እስክርቢቶና እርሳስ ከነጩ ወገን ይቀራሉ። ስለዚህ እኔ የወሰድኩት ሌላ መንገድ ነው፤ በገጹ ላይ በብዛት የሚገኘውን ግራጫ መጠን፣ ማለትም ወረቀቱን ራሱን፣ አገኘሁና ከዚያ በ50 የጠቆረውን ሁሉ ቀለም አልኩት። 50 የተመረጠው በሙከራ ነው። ከዚያ ሲያንስ ከወረቀቱ ጀርባ የሚያስተላልፈው ቀለም መቆጠር ይጀምራል፤ ሲበዛ እርሳሱ ይጠፋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ስካኑ በግራጫ ከተደረገ ነው። ስካነሩ ጥቁርና ነጭ ብቻ ላይ ከተቀመጠ እርሳሱን ማሽኑ ራሱ አስቀድሞ ሰርዞታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ፕሮግራም የለም። ከ418ቱ አንድ እሽግ እንዲያ ተደርጎ ስለነበር ወረቀቱን አስመጥቼ እንደገና ስካን አስደረግሁ።

ገጹ ከተቃና በኋላ የሣጥኖቹ መጠን ለሁለት ተከፈለ። አብዛኞቹ ከ3 በመቶ በታች ናቸው፤ ሌሎቹ ከ8 በመቶ በላይ። ከ3 በታች ያለውን ባዶ፣ ከ8 በላይ ያለውን ምልክት ያለበት አልኩ፤ በመካከል ያለውን ለሰው ዓይን ተውኩ። አንድ መቁረጫ ብቻ አድርጎ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ወደ አንዱ መግፋት ያጓጓል፤ ግን አጠራጣሪዎቹ ያሉት እዚያው ስለሆነ መጥፎ ቁጠባ ነው። ሌላም መቁረጫ ላይ በኩል ጨመርኩ። ከ45 በመቶ በላይ የጠቆረ ሣጥን የጠነከረ «አዎ» አይደለም። ሰው ተሳስቶ ያደረገውን ምልክት የሚሰርዘው ደጋግሞ በመጨርጨር ነው፤ እንዲህ ያለው ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ የተሰረዘ መልስ ነው።

ለሰው ዓይን የተተዉትን ሣጥኖች አንድ በአንድ ከፋይል እየከፈቱ ማየት አድካሚ ነው። ተቆርጠው የወጡትን ትናንሽ ምስሎች ከዝቅተኛ ጥቁረት ወደ ከፍተኛ በቅደም ተከተል ደርድሬ በአንድ ገጽ ላይ መቶ መቶ አድርጌ አሳተምኳቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር የቅጹና የጥያቄው ቁጥር አለ። እንዲህ ሲደረደሩ ጉድፉ የሚያበቃበትና ጭረቱ የሚጀምርበት ቦታ በአንድ ዕይታ ይታያል፤ ዓይን ከጎን ካለው ጋር እያስተያየ ስለሚፈርድ አይዋልልም። መቁረጫዎቹን 3 እና 8 ያደረግኳቸውም ይህን ድርድር አይቼ ነው። በሌላ ቅጽ፣ በሌላ እስክርቢቶ ቁጥሮቹ ይለያያሉ።

ልኬቱ በዚህ ተቃና። የታችኛ ጥያቄዎች ላይ የነበረው ሁለቱም 1 የመሆን ችግር በእጅጉ ቀነሰ። ነገር ግን አልጠፋም፤ የሮቶው ዓምድም ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። አሁን ኮምፒውተሩ ቀለሙን በትክክል እያየ ነው፤ ሣጥኖቹ ላይ በእርግጥ ቀለም አለ። ጥያቄው ቀለሙ ምን ይላል የሚል ሆነ።

ሁለቱም ሣጥኖች ምልክት ያረፈባቸውን ጥያቄዎች ለብቻ አውጥቼ ከቅጾቹ ጋር አስተያየሁ። የተወሰኑት የራይት ጅራት ነበሩ፤ እጁ የፈጠነ ሰው ራይቱን ሲስብ ጫፉ ወደ ቀኝ ወጥቶ ጎረቤት ሣጥን ውስጥ ይገባል። እነዚህን መለየት ቀላል ነው፤ ጭረቱ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይሄዳል። ጥቂቶች እርማት ነበሩ። ከሁሉ የበዙት ግን እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ «አዎ» ላይ ራይት፣ «አይደለም» ላይ ኤክስ።

ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መምህር ደብተር ሲያርም ለትክክሉ ራይት፣ ለስሕተቱ ኤክስ ነው። ቅጹ «በሣጥኑ ውስጥ የራይት ምልክት ያድርጉ» ይላል፤ ለማይመለከት ሣጥን ምን እንደሚደረግ ግን አይናገርም። ጥንቁቅ መላሽ ሁለቱንም ሣጥን በሥርዓት ይሞላል፤ ይኸኛው ነው፣ ያኛው አይደለም ብሎ። ቅጾቹን ካሰባሰቡት ወጣቶች አንዷን ስጠይቃት አልተገረመችም። «ጋሼ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ናቸው የሞሉት። ባዶ ከተዉት ዘለላችሁት የምንላቸው ይመስላቸዋል» አለችኝ።

የሮቶው ምሥጢርም ይኸው ነበር። ሰባተኛው ጥያቄ ውኃ የሚጠራቀምበትን ዕቃ ይጠይቃል፤ ሮቶ፣ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሌላ። ሮቶ መጀመሪያ የተጻፈ ነው። ሮቶ የሌለው ቤተሰብ ከላይ ይጀምርና ሮቶ ላይ ኤክስ አድርጎ ወደ ጀሪካኑ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ግን ቀለም አየ፣ 1 ጻፈ። «የለኝም» ብሎ በግልጽ የተናገረ ሰው «አለኝ» ተብሎ ተመዘገበ። ይህ ትንሽ ግድፈት አይደለም። ማኅበሩ ውኃ ማጠራቀሚያ ለማን ይከፋፈል የሚለውን ሊወስን የነበረው በዚህ ዓምድ ነው።

ታዲያ ኤክስን ሁሉ 0 ማድረግ ነው? እንዲያ ቢሆን ቀላል ነበር። ሌሎች ሰዎች ደግሞ ኤክስን ለመምረጫ ይጠቀሙበታል፤ በባንክ ቅጽም ሆነ በሌላ ቦታ የሚመርጡትን ሣጥን በኤክስ መሙላት የለመዱ አሉ። ለእነሱ ኤክስ «አዎ» ነው። ሣጥኑን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሊፈርድ አይችልም፤ ያው አንድ ዓይነት ኤክስ በአንዱ ቅጽ «አለኝ»፣ በሌላው «የለኝም» ነው።

የሚፈርደው ሰውየው ራሱ ነው፤ በዚያው ቅጽ ላይ። አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ የእጁን ልማድ አይቀያይርም። «አዎ» እና «አይደለም» ያላቸው ዘጠኝ ጥያቄዎች ለዚህ ምስክር ይሆናሉ። በእነሱ ላይ አንዱን ሣጥን በኤክስ ሞልቶ ሌላውን ባዶ የተወ ሰው ኤክስን ለምርጫ ይጠቀማል። አንዱን ራይት፣ ሌላውን ኤክስ ያደረገ ሰው ኤክስን ለእምቢታ ይጠቀማል። አንዱን ራይት አድርጎ ሌላውን ባዶ የተወ ሰው ስለ ኤክስ ምንም አልነገረንም፤ ግን ምርጫው በራይት ስለሆነ በዝርዝሩ ጥያቄ ላይ ከራይት ጋር ተደባልቆ የሚገኝ ኤክሱን እምቢታ ብሎ መውሰድ ያስኬዳል። ስለዚህ ከመልሱ በፊት ለእያንዳንዱ ቅጽ አንድ የልማድ ዓምድ አበጀሁ፤ ከዚያ ሣጥኖቹ በዚያ ልማድ ተነበቡ።

ራይትን ከኤክስ መለየቱን ኮምፒውተሩ በከፊል ይረዳል። የተቆረጠውን ሣጥን ለአራት እኩል ክፍል ብንከፍለው ኤክስ አራቱንም ይነካል። ራይት ግን ከግራ ወደ ታች ወርዶ ወደ ቀኝ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው ግራ ክፍል ባዶ ወይም ለባዶ የቀረበ ይሆናል። ይህ መለያ ለመደርደር በቂ ነው፤ ለመፍረድ አይበቃም። ወደ ራይት የተጠጋ ኤክስ፣ ሁለት ጊዜ የተጫረ ራይት፣ ክብ ያደረገ ሰው፣ ሁሉም ያሳስታሉ። ስለዚህ በዚህ መለያ የተደረደሩ ምስሎችን አሳትመን አስተባባሪዋና እኔ ለየብቻችን አነበብን፤ ያልተስማማንባቸውን ወረቀቱ ወጥቶ ታየ።

አንድ ቅጽ በዝርዝር እንከተል፤ ቁጥር 0137። በአራተኛው ጥያቄ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ውኃ ተቋርጦባችሁ ነበር ወይ በሚለው፣ «አዎ» 22 በመቶ፣ «አይደለም» 27 በመቶ ጥቁረት አላቸው። ቀለም ብቻ ሲታይ ሁለቱም ተመርጠዋል፤ እንዲያውም «አይደለም» የበለጠ ጠቁሯል፤ የጠቆረው ያሸንፋል የሚል ደንብ ቢኖረን መልሱ ይገለበጥ ነበር። ምስሉ ግን የመጀመሪያው ራይት፣ ሁለተኛው ኤክስ መሆኑን ያሳያል። በሌሎቹም ጥያቄዎች ላይ እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ልማዱ «ኤክስ እምቢታ ነው»። በሰባተኛው ጥያቄ ሮቶ ላይ ኤክስ፣ በርሜል ባዶ፣ ጀሪካን ራይት፣ ባልዲ ራይት፣ ሌላ ባዶ። ጀሪካንና ባልዲ 1፣ ሮቶ 0 መሆናቸው ግልጽ ነው። በርሜልስ?

ባዶ ሣጥን ከሁሉም ይልቅ ያወያየን ነው። እኔ የያዝኩት ደንብ እንዲህ ነው። በዝርዝር ጥያቄ ላይ ቢያንስ አንድ ምልክት ካለ ሰውየው ጥያቄውን አንብቧል፤ የተባለውም የሚመለከትህን ምልክት አድርግ ነው፤ ስለዚህ ባዶው 0 ነው። አምስቱም ባዶ ከሆኑ ግን አምስት ጊዜ «የለም» አላለም፤ ምንም አልተናገረም፤ አምስቱም 99 ይሆናሉ። «አዎ» እና «አይደለም» ሁለቱም ባዶ ከሆኑም እንዲሁ 99። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ሊጠየቅ የማይገባው ሰው አለ። አራተኛውን «አይደለም» ያለ ሰው ወደ ጥያቄ 6 እንዲያልፍ ቅጹ ራሱ አዞታል፤ የአምስተኛው ባዶነት የታዘዘ ስለሆነ 77 ይጻፍበታል። 0፣ 77 እና 99 በወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ባዶ ሣጥን ናቸው። ወደ ሠንጠረዥ ሲገቡ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁሉንም 0 ያደረገ ሰው አካፋዩን ያበላሻል፤ ያልተጠየቁ ሰዎች «አይደለም» ካሉት ጋር ተደምረው መቶኛውን ወደ ታች ይጎትቱታል።

የ0137 በርሜል በደንቡ መሠረት 0 ሆነ። ይሁን እንጂ ይህ ሰው እምቢታውን በኤክስ የሚገልጽ ስለሆነ ባዶ የተወው ሣጥን ምናልባት ያለፈው ሊሆን ይችላል። ደንቡን ለአንድ ሰው አልለወጥኩም፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉትን ሣጥኖች በጥርጣሬ ዓምድ ላይ 1 ብዬ ምልክት አደረግሁባቸው። በርሜልን ስንቆጥር አንድ ጊዜ 0 ብለን፣ አንድ ጊዜ 99 ብለን አስልተን ልዩነቱን ለአስተባባሪዋ አሳየኋት። ውሳኔ የሚያስቀይር ልዩነት አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ በሪፖርቱ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች መውጣት ነበረባቸው።

በመጨረሻ የወጣው ፋይል ለእያንዳንዱ ሣጥን ሦስት ዓምድ አለው፤ የተለካው ጥቁረት፣ የታየው ምልክት፣ የተወሰነው መልስ። የ0137 ሰባተኛ ጥያቄ ከፊሉ እንዲህ ነው፦

```
form_id,q07_roto_ratio,q07_roto_mark,q07_roto,q07_jerikan_ratio,q07_jerikan_mark,q07_jerikan
0137,0.24,x,0,0.19,tick,1
```

አስተባባሪዋ የፈለገችው የመጨረሻዎቹን የመልስ ዓምዶች ብቻ ነበር፤ ለእሷ የተሰጣት ፋይልም እነሱን ብቻ የያዘ ነው። ሌሎቹ ግን በተለየ ፋይል ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ 0 ከየት መጣ?» ሲል ወደ ወረቀቱ ሳይሄድ ጥቁረቱ 24 በመቶ፣ ምልክቱ ኤክስ፣ ልማዱ እምቢታ መሆኑን ያያል። ደንቡ ቢቀየርም ከምልክቱ ዓምድ ተነሥቶ መልሱን በቅጽበት እንደገና ማውጣት ይቻላል። ቀድሞ የተሠራው ሠንጠረዥ 1 እና 0 ብቻ ስለነበረው ማንም ሊያርመው አልቻለም፤ ከባዶ መጀመር ግድ ሆነ። ፋይሉ ኤክሴል ላይ ሲከፈት ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ `utf-8-sig` ተብሎ ካልተቀመጠ የአማርኛ ርዕሶቹ ተበላሽተው ሊታዩ ይችላሉ፤ የቅጹ ቁጥርም ጽሑፍ ተብሎ ካልተከፈተ 0137 ወደ 137 ይለወጥና ከስካኑ ስም ጋር አይገጥምም።

አንድ ነገር ግን በማሽን አልተፈታም፤ ማኅተሙ። ማኅበሩ ወደ ሥራ ክፍሉ የተመለሱትን ቅጾች በጀርባቸው ግርጌ በክብ ማኅተም ይመታ ነበር፤ ማኅተሙም በብዙዎቹ ላይ የ13ኛውንና የ14ኛውን ጥያቄ ሣጥኖች ሸፍኗል። በቀለም ስካን አድርጎ ሰማያዊውን ማውጣት ይቻላል ብዬ አስቤ ነበር፤ እስክርቢቶውም ሰማያዊ ስለሆነ አብሮ ይወጣል። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በሙሉ፣ ማኅተም ያላረፈባቸውንም ጨምሮ፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ከወረቀቱ አንብበው አስገቡ። ማኅተም ያለባቸውን ብቻ በእጅ፣ የቀሩትን በማሽን ብናደርግ አንዱ ዓምድ በሁለት ዓይነት ዓይን የተነበበ ይሆን ነበር። ከማኅተሙ ሥር ጭራሽ ያልተነበቡት 98 ተብለው ቀሩ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ 40 ቅጾች በዕጣ ወጥተው ሠንጠረዡን ያላየ ሰው ከወረቀቱ እንዲያነብባቸው ተደረገ። ሣጥኖቹ 1,320 ናቸው። ልዩነት የታየባቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም በጥርጣሬ ዓምድ ላይ አስቀድመው ምልክት የተደረገባቸው ናቸው። ያ አንዱ በቅጹ እጥፋት ላይ ያረፈ ባዶ ሣጥን ነበር፤ የእጥፋቱ ጥላ 9 በመቶ ሆኖ ተቆጥሯል። ከዚያ በኋላ በ8 እና በ12 መካከል ያሉት ሁሉ ለዓይን እንደገና ቀረቡ፤ ሌሎች ጥቂት የእጥፋት ጥላዎችም ተገኙ።

የሮቶው ዓምድ ወርዶ አስተባባሪዋ በግቢዎቹ ካየችው ጋር ተቀራረበ። ለሚቀጥለው ዙር ቅጹ ተሻሽሏል። አራት ማዕዘኖቹ ላይ ጥቁር ካሬ ታትሟል፤ የሣጥኖቹ ርቀት ሰፍቷል፤ ሁሉም ቅጽ ከፕሪንተር ይወጣል እንጂ ኮፒ አይደረግም፤ የማኅተሙም ቦታ በላይኛው ቀኝ ጥግ ተከልሎለታል። ከመመሪያው ሥር ደግሞ በትክክል የተሞላ አንድ ምሳሌ ተጨምሯል፤ «የሚመለከትዎን ብቻ ራይት ያድርጉ፤ የማይመለከትዎን ባዶ ይተዉት፤ ባዶ መተው ስሕተት አይደለም» ይላል። ሰባተኛው ጥያቄ ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ «አለን» እና «የለንም» ሣጥን ተሰጥቶታል። ወረቀቱ በአንድ አራተኛ ገጽ ረዝሟል፤ ባዶ ሣጥን ግን ከእንግዲህ «የለንም» ተብሎ አይገመትም።